የዕቁቡ ብር፣ የባንኩ ዕዳ እና የእማዬ ካርታ

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣

ኮምቦልቻ ውስጥ የመጋረጃና የአልጋ ልብስ ሱቅ አለኝ። በ2014 ሱቁ ተዘርፎ ባዶውን ቀረ። ከዜሮ ተነስተን ስንፍጨረጨር ቆይተን፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ከባንክ 500,000 ብር ተበደርኩ። ወለዱ 17 በመቶ፣ ጊዜው 5 ዓመት ነው። መያዣው ደሴ ሆጤ ያለው የእናቴ ቤት ነው። በየወሩ 12,426 ብር እከፍላለሁ፤ አንድም ወር አሳልፌ አላውቅም። ቀሪ ዕዳሽ 348,500 ብር ነው ብለውኛል።

አሁን ዕቁብ ወጣልኝ። 20 ሰው ነን፣ በወር 10,000 ብር እንጥላለን፣ እኔ 17ኛዋ ነኝ። 200,000 ብሩ በእጄ ገብቷል። ባለቤቴ «ሙሉውን ለባንክ ክፈይና እንገላገል» ይላል። ወንድሜ ደግሞ «ብር በየቀኑ እየረከሰ ዕዳ ለመክፈል የሚጣደፍ የለም፣ ጨርቅ ግዢበት» ይለኛል። እኔ ግን ከዚያ ዘመን ወዲህ ባዶ እጄን መሆን እፈራለሁ። ደብተሬ ላይ ቢቀመጥ 7 በመቶ ይወልዳል፣ እኔም እንቅልፍ ይወስደኛል። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴን ልጠይቅ ሐረጎን ስወጣ የካርታው ነገር ሆዴን ይበላዋል። እሷ አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። ምን ይመክሩኛል?

ሰ. ከኮምቦልቻ

አብሽሪ እህቴ። በ2014 ባዶ መደርደሪያ ያየ ሰው ጥሬ ብር ከእጁ እንዲወጣ ባይፈልግ ማንም ሊፈርድበት አይችልም። ስለዚህ ፍርሃትሽን ወደ ጎን አድርጊው አልልሽም። እንዲያውም በሒሳቡ ውስጥ ቦታ እንሰጠዋለን። ዋጋ ስላለው ዋጋውንም አብረን እናየዋለን።

ከሁሉ በፊት ግን ዕቁቡን እንይ። 17ኛዋ ከሆንሽ ሦስት ዙር ይቀርሻል ማለት ነው። ሦስት ጊዜ 10,000 ብር፣ 30,000 ብር። ይህ ብር የዕቁብተኞቹ ነው፤ አንቺ ዘንድ የቆየ አደራ በይው። ከሱቁ ገቢ እየጣልሽ እዚህ ደርሰሻል፣ ቀሪውንም ትጥይዋለሽ ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን አንድ ወር ገበያው ቢቀዘቅዝ በአንድ ጊዜ የባንኩ 12,426 እና የዕቁቡ 10,000 ይጠብቁሻል። ስለዚህ 30,000ውን ለይተሽ አስቀምጪ። በእውነት የምንመካከርበት ብር 170,000 ነው።

አሁን ወደ ወለዱ። 17 እና 7 ሲባል ልዩነቱ 10 ነው፣ ይኼን ልጅም ያውቀዋል። ግን በመቶኛ ሲነገር እጅ ላይ አይከብድም። በወር እናድርገው። 120,000 ብር ብናነሳ (ለምን 120,000 እንዳልኩ ትንሽ ቆይቼ እነግርሻለሁ)፣ ይህ ብር ደብተርሽ ላይ ቢቀመጥ በወር 700 ብር ይወልድልሻል፣ ያውም ግብሩ ሳይቆረጥ። ይኸው ብር ከዕዳሽ ቢቀነስ ግን በወር 1,700 ብር ወለድ ይቀርልሻል። ብሩን በደብተር ባቆየሽው ቁጥር በየወሩ 1,000 ብር ከኪስሽ እየከፈልሽ ነው ማለት ነው። ማንም መጥቶ ስለማይቀበልሽ አይታወቅሽም እንጂ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ወለድሽ በቀሪው ዕዳ ላይ የሚሰላ ከሆነ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ቆም በይ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ የተላጨሁበት ቦታ ነውና።

ከዓመታት በፊት ከአንድ አበዳሪ ተቋም 100,000 ብር ለሁለት ዓመት ወሰድኩ። 12 በመቶ ነው አሉኝ። ርካሽ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ወለዱ ግን መጀመሪያ በተበደርኩት 100,000 ላይ፣ ለሁለቱም ዓመት፣ በአንድ ላይ ተሰልቶ 24,000 ብር ዕዳዬ ላይ ተደምሮ ነበር። በወር 5,167 ብር እከፍል ነበር። ዓመት ስከፍል ቆይቼ ትንሽ ብር አገኘሁና ልዝጋው ብዬ ሄድኩ። ልጅቷ ካልኩሌተሯን ጫን ጫን አድርጋ «62,000 ብር» አለችኝ። 12 ጊዜ 5,167። የቀሪው ዓመት ወለድ አንድ ብር ሳይቀነስልኝ! ቀድሜ በመክፈሌ ያተረፍኩት ነገር አልነበረም። በኋላ ቁጭ ብዬ ሳሰላው ያ «12 በመቶ» በቀሪ ዕዳ ሒሳብ 21 በመቶ ተኩል ገደማ ሆኖ አገኘሁት። ካንቺ ከ17ቱ ይበልጣል።

ያንቺ እንደዚህ ያለ አይመስለኝም። 500,000 ብር በ17 በመቶ በቀሪ ዕዳ ላይ ለ60 ወር ሲሰላ 12,426 ይመጣል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚቀረውም 348,500 ገደማ ነው። ቁጥሮችሽ ይገጥማሉ። ቢሆንም በዓይንሽ እይው። ባንክ ሄደሽ የብድር ሒሳብሽን ስቴትመንት አስወጪና የሁለት ተከታታይ ወር ወለድ አወዳድሪ። የሚመጣው ወር ወለድ 4,937 ብር አካባቢ፣ የሚቀጥለው ደግሞ 4,831 አካባቢ መሆን አለበት። እየወረደ ከሄደ በቀሪ ዕዳ ላይ ነው የሚሰላው። ሁለቱ ወር አንድ ዓይነት ቁጥር ካሳየ ግን ምንም ብር ሳታስገቢ በፊት «ቀድሜ ብከፍል ወለዱ ይቀነስልኛል ወይ?» ብለሽ በጽሑፍ መልስ ተቀበይ። ባንኮች በውሉ መሠረት የወለድ መጠን ስለሚቀያይሩ፣ እግረ መንገድሽን ዛሬ የሚሰላብሽ 17 መሆኑንም አረጋግጪ። (ከወለድ ነፃ በሆነው መስኮት በሙራባሐ የወሰዳችሁ አንባቢዎች፣ የእናንተ ትርፍ ገና ከመነሻው በውል የተቆረጠ ዋጋ ነው። ቀድሞ መክፈል የሚጠቅማችሁ ባንኩ ቅናሽ ካደረገ ብቻ ስለሆነ ጥያቄያችሁም እሱ ይሁን።)

አሁን ባለቤትሽ ወዳለው እንምጣ። ሙሉውን ለባንክ ክፈይ። በወለድ ሒሳብ ብቻ ካየነው ትክክል ነው፤ እያንዳንዱ ብር ከደብተር ይልቅ ዕዳው ላይ ይጠቅማል። የሚረሳው ነገር ግን ለባንክ የገባ ብር ተመልሶ አይወጣም። ዛሬ 200,000 አስገብተሽ የዛሬ ሁለት ወር አንዱ ልጅ ቢታመም፣ «ያንን ብሬን ትንሽ መልሱልኝ» ማለት የለም። ደግሞ የሚያስገርመው፣ ይህን ሁሉ ከፍለሽም የሚቀጥለው ወር 12,426 ያው ይጠበቅብሻል። «ባለፈው ብዙ ከፍያለሁ» ብሎ አንድ ወር መዝለል የለም። አንድ ሦስት ወር ካለፈ ብድሩ የተበላሸ ተብሎ ይመዘገባል። ያኔ ደብዳቤው የሚሄደው ወደ ሆጤ ነው።

ስለዚህ መጠባበቂያ ያስፈልግሻል። እኔ 50,000 ብር እላለሁ። አራት ወርሃዊ ክፍያ ነው። ሱቁ አራት ወር ሙሉ አንድ መጋረጃ ባይሸጥ እንኳ የእማዬ ቤት አይነካም ማለት ነው። አንቺ ግን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። በ2014 ሱቁ ከተዘረፈ በኋላ እንደገና ብር ማየት የጀመርሽው ከስንት ወር በኋላ ነው? መልሱ ስድስት ከሆነ 75,000 አስቀምጪ። የፍርሃትሽ ቦታ ይኼ ነው፣ ቁጥሩን አንቺ ትመርጫለሽ። ዋጋውም ይታወቃል፦ 50,000 ብር ከዕዳው ላይ በማንሳት ፈንታ በደብተር ሲቀመጥ በወር 400 ብር ከትንሽ ያስከፍልሻል። ለእንቅልፍ 400 ብር ብዙ አይመስለኝም። 170,000ውን በሙሉ ደብተር ላይ ማቆየት ግን በወር ከ1,400 ብር በላይ ነው። ያ ይበዛል።

እንግዲህ 120,000 ያልኩት ከዚህ ነው። 30,000 ለዕቁቡ፣ 50,000 ለክፉ ቀን፣ የቀረው ለዕዳው።

የወንድምሽን ነገር ችላ ብዬ አላልፍም፣ ግማሹ እውነት ነው። ብር ይረክሳል፣ ከሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ ጨርቅ የሚያመጣ ሰው ሁሉ ይህን በሚገባ ያውቀዋል። ግን አስተውይ፤ ብር ሲረክስ ዕዳሽ ላይ ያለውም ብር ይረክሳል፣ ደብተርሽ ላይ ያለውም በዚያው ልክ ይረክሳል። በሁለቱ መካከል ያለው የ10 በመቶ ልዩነት ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ የዋጋ ንረት «ዕዳ ልክፈል ወይስ ልቆጥብ» ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሆንም። መልስ የሚሆነው ብሩ ዕቃ ሲሆን ብቻ ነው። ወንድምሽም ጨርቅ ግዢ ያለው ለዚያ ነው።

እሺ፣ ጨርቁስ? መለኪያው ቀላል ነው። በ120,000 ብር የምትገዢው ተጨማሪ ጨርቅ፣ ማስጫኛው፣ የሰፊው ዋጋ፣ በዱቤ ወጥቶ የቀረው ሁሉ ተቀንሶ፣ በወር ከ1,700 ብር በላይ ያተርፋል ወይ? ለነጋዴ 1,700 ብዙ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አንድ የሳሎን መጋረጃ በደንብ ብትሸጪ ሊሸፍንልሽ ይችላል። ግን «ተጨማሪ» የምትለዋን ቃል አደራ። ጥያቄው ጨርቅ ያተርፋል ወይ አይደለም። ሱቅሽ ጨርቅ አጥሮት ደንበኛ እየመለሰ ነው ወይ ነው። ነገ ጠዋት ሱቁን ስትከፍቺ መደርደሪያውን ቁጠሪው። ካለፈው ዓመት የገባ፣ እጥፋቱ ላይ አቧራ የያዘ፣ ፀሐይ ያገኘው ጠርዙ የደበዘዘ ጥቅል ስንት አለ? እንዲህ ያለ ጥቅል ካለሽ አዲሱ ብር ሄዶ ከጎኑ ይቆማል። በሳምንት ሦስት አራት ሰው «ይኼ ቀለም የለም?» ብሎ የሚመለስ ከሆነ ግን ወንድምሽ ልክ ነው። እንዲያ ከሆነ ከ120,000ው ላይ 40,000 ለዚያ ለሚፈለገው ቀለም ብቻ አውጪና ሦስት ወር እይው። ሁሉንም አትበይ።

ለማንኛውም 120,000 ሙሉውን ዕዳው ላይ አዋልሽው እንበል። አሁን ብዙ ሰው የማያውቀው ምርጫ ይመጣል። ባንኩ ከሁለት አንዱን ሊያደርግልሽ ይችላል። አንደኛው፣ ጊዜው እንዳለ ሦስት ዓመት ሆኖ ወርሃዊ ክፍያሽ ከ12,426 ወደ 8,150 ብር ገደማ ይወርዳል። ሁለተኛው፣ ወርሃዊ ክፍያሽ ሳይነካ ጊዜው ያጥራል፤ 36 ወር የነበረው 22 ወር ይሆናል፣ የመጨረሻዋ ወር ደግሞ ግማሽ ክፍያ እንኳ አትሞላም።

ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። ምንም ሳትከፍይ ብትቀጥይ በቀሪው ሦስት ዓመት የምትከፍይው ወለድ 98,800 ብር ያህል ነው። በመጀመሪያው መንገድ ከዚህ ውስጥ 34,000 ገደማ ይቀርልሻል። በሁለተኛው 60,700 ገደማ ይቀርልሻል። ያንኑ 120,000 ደብተር ላይ ሦስት ዓመት ብታቆይው የሚወልድልሽ 27,000 ቢሆን ነው፣ ግብሩ ሳይነሳ።

እኔ ሁለተኛውን እመርጥልሽ ነበር፣ በወለዱ ምክንያት ብቻም አይደለም። የእማዬ ካርታ የሚለቀቀው ዕዳው አልቆ ባንኩ እግዱን ሲያነሳ ነው። ከዕዳው ግማሹን ስለከፈልሽ ግማሽ ካርታ አይመለስም። 22 ወር ማለት ካርታውን ከተባለው ቀን ዓመት ከሁለት ወር ቀድመሽ ታመጫለሽ ማለት ነው። ነገር ግን በየወሩ 12,426 ለመክፈል አሁንም የምትታገይ ከሆነ፣ ወር ሲደርስ ከሰው የምትለቅሚ ከሆነ፣ የመጀመሪያውን ውሰጂ፣ አላፍርብሽም። ከዚያ ትርፍ ባገኘሽ ወር ጨምረሽ መክፈል ትችያለሽ። እስካሁን አንድም ወር አለማሳለፍሽን ሳይ ግን የምትችይው ይመስለኛል። ነው? ወይስ ያልጻፍሽልኝ ነገር አለ?

ባንክ ስትሄጂ ብሩን ሒሳብሽ ውስጥ አስገብተሽ እንዳትመጪ። ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ሒሳብሽ ውስጥ የገባ ብር ከዋናው ብድር ላይ አይቀነስም። እዚያው ይቀመጥና በየወሩ 12,426 እየተቆረጠለት ያልቃል፣ ወለዱም እንደ ድሮው በ348,500 ላይ መሰላቱን ይቀጥላል። በቅን ልብ ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል፣ ከዓመት በኋላ ዕዳው ለምን እንዳልቀነሰ ግራ ይገባዋል።

ስለዚህ ወደ ብድር ክፍል ግቢና ማመልከቻ ስጪ። ቃሉ ረጅም አይሁን፦ «ያስገባሁት 120,000 ብር ሙሉ በሙሉ ከዋናው ብድር ላይ እንዲቀነስልኝ፣ ወርሃዊ ክፍያዬ ባለበት ሆኖ የብድሩ ጊዜ እንዲያጥርልኝ፣ አዲስ የክፍያ ሰንጠረዥ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።» በቅጂው ላይ ማኅተም አስመቺ። ከመስጠትሽ በፊት ውልሽ ላይ ቀድሞ ለመክፈል የሚጠየቅ ክፍያ መኖሩን ጠይቂ። ለምሳሌ 2 በመቶ ቢሆን 2,400 ብር ነው። ከ60,700 ላይ ሲቀነስ ሐሳብሽን አያስቀይርም፣ ግን ሳታውቂው አይቆረጥ። ክፍያውንም ወርሃዊው በተቆረጠ ማግስት ብታደርጊው ሒሳቡ ንጹሕ ሆኖ ይታይሻል።

በሚቀጥለው ወር ተመልሰሽ ስቴትመንቱን እይ። የወለዱ መስመር ላይ ከ3,200 ብር ትንሽ ከፍ ያለ ቁጥር ካየሽ ሥራው በትክክል ተሠርቷል። አሁንም ከ4,800 በላይ ከሆነ ብሩ ከዋናው ላይ አልተቀነሰም፤ ማኅተም ያለበትን ቅጂ ይዘሽ ያንኑ ቀን ተመለሺ።

50,000ውን ከሱቁ ገንዘብ ጋር በአንድ ሒሳብ አታስቀምጪው፣ ጨርቅ የጫነ መኪና ሲመጣ እጅሽ ይሄድበታልና። በሌላ ደብተር፣ ከባለቤትሽ ጋር በጋራ ፊርማ ቢሆን ጥሩ ነው። እሱ «እንገላገል» ያለው ዕዳው እሱንም ስለሚከብደው ይመስለኛል፤ 22 የምትለዋን ቁጥር በወረቀት አሳይው። ወንድምሽን ደግሞ አንድ ቀን ጠዋት ሱቅ ጥሪውና መደርደሪያውን አብራችሁ ቁጠሩ።

ዕቁቡ ከሦስት ወር በኋላ ያልቃል። ያኔ በየወሩ የምትጥይው 10,000 ነፃ ይሆናል። አዲስ ዕቁብ ከመግባትሽ በፊት ጻፊልኝ፣ ከዚያ ላይ 3,000 እንኳ በየወሩ ዕዳው ላይ ቢጨመር 22ቱ ወር ወደ ስንት እንደሚወርድ አብረን እናሰላዋለን። እማዬ ግን እስከዚያ ባትጠብቅ ደስ ይለኛል። ስላልጠየቀችሽ አታስብም ማለት አይደለም። በዚህ ቅዳሜ ሐረጎን ስትወጪ አዲሱን የክፍያ ሰንጠረዥ ቦርሳሽ ውስጥ ያዢው፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ አውጪና የመጨረሻዋን ወር አሳያት።